በመጨረሻ የሚወጣው መስመር

አርባ ምንጭ፣ ሴቻ ሰፈር ባለው መሥሪያ ቤታችን ኮምፒውተር የገባ ሰሞን ክፍሉ ውስጥ የምንገባው ጫማችንን አውልቀን ነበር። አቧራ እንዳይነካው ነው ይባላል። በሩ ላይ የተደረደረውን ጫማ ያየ ባለጉዳይ ውስጥ ጸሎት የሚደረግ ይመስለውና ድምፁን ዝቅ ያደርግ ነበር። ዘጠናዎቹ ገና መግባታቸው ነው። እኔ የዓሣ ሀብት ባለሙያ ነኝ፤ ከአዲስ አበባ የአጭር ጊዜ የኮምፒውተር ሥልጠና ወስጄ ተመልሻለሁ፤ በዚያች ሥልጠና አገር የምገዛ ይመስለኛል። አባቴ ከሰሜን የመጣ አስተማሪ ነው፤ እኔ ግን ተወልጄ ያደግሁት አርባ ምንጭ ነው። ጋሞኛውን እንደ ጎረቤቶቼ ባልናገረውም እሰማዋለሁ፣ ወጉንም አውቀዋለሁ። ይህን የምለው "እንግዳ ስለሆንኩ ነው" የሚል ማምለጫ እንደሌለኝ እንዲታወቅልኝ ነው።

ሥልጠናው ላይ ልቤን የወሰደው ግራፍ ማንቀሳቀስ ነበር። ከዚያ በፊት ግራፍ የምናሳየው በትልቅ ወረቀት ላይ በማርከር ስለን ግድግዳ ላይ ለጥፈን ነው። ሰው ከፈለገበት ጫፍ ይጀምራል፤ አንዱ መጨረሻውን ያያል፣ ሌላው ቀለሙን ያደንቃል፣ ሦስተኛው ያንቀላፋል። በኮምፒውተሩ ግን ግራፉን ደብቆ በእያንዳንዱ የማውስ ንክኪ ቁራሽ ቁራሹን ማውጣት ይቻላል። ምርጫው ብዙ ነው። ሁሉንም ባንድ ጊዜ ማውጣት አለ። በዓይነት በዓይነቱ ማውጣት አለ፤ ማለትም በመጀመሪያ የሁሉም ዓመታት ዓምዶች፣ ቀጥሎ አንዱ መስመር ከነሙሉ ርዝመቱ፣ ቀጥሎ ሌላው መስመር። በየዓመቱ ማውጣትም አለ፤ የመጀመሪያው ዓመት ዓምድና የመስመሮቹ ነጥቦች አብረው ይወጣሉ፣ ቀጥሎ የሁለተኛው ዓመት፣ እያለ ይሄዳል። አሰልጣኛችን "ተመልካቹ ምን እንደሚያይ ብቻ ሳይሆን መቼ እንደሚያይም የምትወስኑት እናንተ ናችሁ" ሲለን የሰማሁት ሥልጣን የተሰጠኝ ያህል ደስ ብሎኝ ነው። "ጉደኛውን ነገር ለመጨረሻ አስቀምጡት" ብሎም ነበር። ይህችኛዋን በቀይ አሰመርኩባት።

ጉዳዩ ጫሞ ነው። የሐይቁ ዓሣ እየቀነሰ ነበር፤ በተለይ ቆሮሶ የሚባለው ዓይነት። መሥሪያ ቤቱ ዓሣው በሚራባበት ወቅት ሣር የበዛበት የሐይቁ ዳር ለአስጋሪዎች እንዲዘጋ ይፈልጋል። አስጋሪዎቹ ደግሞ "ልጆቻችን ምን ይብሉ?" ይላሉ። የአስጋሪዎቹን ማኅበር አባላትና የአገር ሽማግሌዎቹን አዳራሽ ጠርተን እንድናስረዳ ተወሰነ፤ ማስረጃውን የማዘጋጀት ሥራ ለእኔ ደረሰኝ።

ሦስት ነገር ነበረኝ፦ ሐይቁ ላይ የሚዘረጋው መረብ ብዛት፣ በአንድ መረብ የሚያዘው ዓሣ፣ እና ከዳር የተተከለው የውሃ መለኪያ ንባብ። ሦስቱም የተለያዩ ስለሆኑ ባንድ ግራፍ እንዲገቡ የሁሉንም የመጀመሪያ ዓመት መቶ አድርጌ ሌላውን ከዚያ አንጻር አሰላሁት። መረቡን በዓምድ፣ ዓሣውንና ውሃውን በመስመር አደረግሁ። ተጨርሶ ሳየው ነገሩ ግልጽ ነበር። በመጀመሪያ የሸሸው ውሃው ነው። መረቡ ገና ጥቂት እያለ ውሃው ወረደ፣ ቆሮሶ እንቁላል የሚጥልበት ጥልቀት የሌለው ሣራም ዳር ደረቀ፣ ዓሣውም ተከትሎ ቀነሰ። መረቡ የበዛው ከዚያ ወዲህ ነው፤ ዓሣ ያጣ ሰው አንድ መረብ በነበረበት ሁለት ይዘረጋል። እርግጥ መረቡም በተራው አባሰው። ቢሆንም ጀማሪው እሱ አልነበረም።

ይህን ለአስጋሪዎቹ የምነግራቸው እነሱን ከክስ ነጻ ለማድረግ ነበር። "ጥፋቱ የናንተ አይደለም፤ ነገር ግን የቀረችውን ሣራም ቦታ አብረን እንጠብቃት" ልላቸው። ሐሳቤ መልካም ነበር፤ መልካም ሐሳብ ያለው ሰው ደግሞ ራሱን አይመረምርም።

ምን አደረግሁ? በየዓመቱ ባወጣው ሁሉም ነገር ገና ከመጀመሪያው ይታወቅብኛል፣ ጣዕም የለውም አልኩና በዓይነት በዓይነቱ አደረግሁት። በመጀመሪያው ንክኪ ዓምዶቹ ከግራ ወደ ቀኝ ተጠርገው ይወጣሉ፤ መረብ ሲጨምር፣ ሲጨምር፣ ሲጨምር። በሁለተኛው የዓሣው ቀይ መስመር ይወጣል፤ ሲወርድ። እዚህ ላይ ጥቂት ዝም እላለሁ። ሁሉም "እኛ ነን ያጠፋነው" ብሎ ሲያስብ፣ በሦስተኛው ንክኪ የውሃው ሰማያዊ መስመር ይወጣና የሁሉም ፊት ይፈታል። ግራፉ ጎን የትኛው ቀለም ምን እንደሆነ የሚናገር ሳጥን ነበረው፤ "ውሃ" የሚለው ቃል ቀድሞ እንዳይነበብብኝ አጠፋሁት። በአፌ እናገረዋለሁ ብዬ።

ለክፍል ኃላፊያችን ሳሳየው ሁለት ጊዜ አስደገመኝ። ጨዋታ አዋቂ፣ ጡረታው የቀረበ የጎጃም ሰው ነው። "ይሄማ ፊልም ነው!" አለና የሒሳብ ክፍሉን ሰዎች ጫማቸውን አስወልቆ ጠራቸው። እነሱም ሦስተኛው መስመር ሲወጣ "ወይ ጉድ" አሉ። ያን ቀን ወደ ቤቴ የሄድኩት በእግሬ አይመስለኝም።

የስብሰባው ዕለት ኮምፒውተሩን ፍራሽ ላይ አስተኝተን በፒክአፕ ወደ አዳራሹ ወሰድነው። ፕሮጀክተሩን ከኮሌጁ ተውሰናል። መስኮቶቹን በጥቁር ጨርቅ ጋረድን፣ ነጭ አንሶላ ወጠርን። ሰዉ ገብቶ ሞላ። ሽማግሌዎቹ ከፊት፣ አስጋሪዎቹ ከኋላቸው፣ ዓሣ የሚሸጡት ሴቶች በግድግዳው ጥግ ተቀመጡ። ከአንሶላው አጠገብ፣ በመጀመሪያው ወንበር ላይ፣ የማኅበሩ ሊቀመንበር ነበሩ።

እኚህን ሰው ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃቸዋለሁ። ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ሲራመዱ እጃቸውን ወደ ኋላ የሚያጣምሩ ናቸው። የናይሎን መረብ ጫሞ ላይ መጀመሪያ የዘረጉት እሳቸው ናቸው፤ ከአዲስ አበባ አምጥተው፣ አስጋሪውን አስተምረው። በዚህ ይከበሩ ነበር። ታናሽ ወንድማቸው ከጥቂት ዓመታት በፊት ሐይቁ መሐል ከሰዓት በኋላ በሚነሳው ንፋስ ጀልባው ተገልብጦ ሞቷል። ዳር ላይ ዓሣ ስለጠፋ ርቆ ገብቶ ነው ይባላል። ሚስቱ ሲቀላ ገበያ ዓሣ ትሸጣለች፤ ያን ቀንም ከሴቶቹ ጋር ጥግ ላይ ተቀምጣለች።

ሽማግሌዎቹ መረቁ። ኃላፊያችን አጭር ንግግር አደረገና "አሁን ልጃችን በመብራት ታሳየናለች" አለ። ተነሣሁ። አንሶላው ላይ ባዶ መስመሮችና ከሥር ዓመታቱ ብቻ ይታያሉ።

ነካሁት። ዓምዶቹ ወጡ። "ይህ መረባችን ነው" አልኩ። ሰዉ ተንጫጫ፤ አብዛኛው እንዲህ ያለ ነገር አይቶ አያውቅም። ዝም እስኪሉ ጠብቄ ደግሜ ነካሁት። ቀዩ መስመር ከግራ ተነሥቶ ቁልቁል ወረደ። "ይህ ደግሞ ዓሣችን ነው" አልኩና እንዳሰብኩት ዝም አልኩ።

ዝምታው ጣመኝ። አዎ፣ ጣመኝ፤ ዛሬም ሳስታውሰው ጆሮዬ ድረስ የሚያቃጥለኝ እሱ ነው። ያ ሁሉ ሰው ትንፋሹን ውጦ ሲያይ እኔ ምን ያህል እንደሚጣፍጥ እያጣጣምኩ ነበር። ሦስተኛውን ለመንካት ጣቴን ማውሱ ላይ አድርጌ ጥቂት ቆየሁ። ጥቂት ብቻ።

ሊቀመንበሩ ተነሡ።

የተነሡት ሊጠይቁ መስሎኝ ፈገግ አልኩ። እሳቸው ግን ወደ አንሶላው ሄዱና ፊታቸውን ወደ ሕዝቡ መለሱ። የፕሮጀክተሩ ብርሃን ላይ ስለቆሙ ዓምዶቹ ነጭ ሸሚዛቸው ላይ አረፉ፤ ቀዩም መስመር በደረታቸው ላይ ቁልቁል ወረደ። መጀመሪያ በጋሞኛ ተናገሩ፤ ከዚያ ለኃላፊያችን ሲሉ በአማርኛ ደገሙት።

"እኔ ነኝ ያመጣሁት" አሉ። "ይሄ መረብ፣ እኔ ነኝ። አባቶቻችን ዓሣ በእንደዚህ ዓይነት አይዙም ነበር። ወጉን አለፍኩ። ዓሣዋ ሄደች። ወንድሜም ዓሣዋን ፈልጎ ሄደ። ሁልጊዜ በሆዴ አስበዋለሁ፤ ለማንም አልተናገርኩም። ዛሬ ይኸው በሁሉም ፊት ወጣ። ጎሜው የኔ ነው።"

ጎሜ ማለት ምን እንደሆነ እዚያ አዳራሽ ውስጥ የማያውቅ ኃላፊያችን ብቻ ነው። ሰው ወግ ይተላለፋል፤ ከዚያ መከራው ይመጣል፤ በእርሻው፣ በከብቱ፣ በወገኑ ላይ። በመጀመሪያ ጥፋቱ፣ ቀጥሎ ቅጣቱ። መፍትሔው በሰው ፊት ቆሞ መናገር ነው። እኔም ይህን አውቅ ነበር። ከጎረቤቶቻችን ቤት ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ። በመጀመሪያ መረብ፣ ቀጥሎ የዓሣ መጥፋት ብዬ፣ በመሐሉ ዝምታ አስገብቼ፣ ያ ሁሉ ሰው የሚያውቀውን ነገር በብርሃን ሣልኩለት። እነሱ ዘንድ ቀድሞ የወጣው ቀድሞ የሆነው ነው። ታዲያ ለምን አይሆን? ነገርን በቅደም ተከተል የሚናገር ሰው፣ የሆነውን በሆነበት ተራ ይናገራል እንጂ መጀመሪያ የሆነውን ለማሳመሪያ አያስቀምጠውም።

ጣቴ ማውሱ ላይ ነበር። ሰው ጎሜውን ሲናገር አይቋረጥም። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር። ጥግ ላይ የወንድማቸው ሚስት ተነሣች። ነጠላዋን አጣፋች። በሴቶቹ ጉልበት መሐል ቀስ ብላ አለፈችና በሩን ከፍታ ወጣች። በሩ ሲከፈት የገባው የቀን ብርሃን ግራፉን ለጥቂት አጠፋው፤ ሲዘጋ ተመልሶ ታየ፤ እዚያው እሳቸው ላይ።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ወጥተው ከግቢው እርጥብ ሣር ነጭተው ተመለሱ። ሣሩን ይዘው ሊቀመንበሩን መረቁ፣ ሕዝቡ "ይሁን" አለ። ያኔ ነው ሮጬ ወደ ኃላፊያችን ጆሮ የተጠጋሁት። "ሦስተኛው መስመር አለ" አልኩት። "ተይው" አለኝ። "አምነውልናል፤ ዳሩ ይዘጋል። ከዚህ በላይ ምን ትፈልጊያለሽ?" ክፉ ሰው አይደለም። ስብሰባው ያለ ጠብ ስላለቀ ደስ ብሎት ነው።

አልተውኩትም። ሄጄ ነካሁት። ሰማያዊው መስመር ወጣ፤ ማንም አላየውም። ሰዉ ተነሥቶ ሊቀመንበሩን እጅ እየነሳ ነበር። ድምፄን ከፍ አድርጌ "እባካችሁ፣ አላለቀም፣ አንድ ጊዜ ተቀመጡ" አልኩ። ተቀመጡ፤ ለአባቴ ክብር ይመስለኛል፤ ግማሹን ያስተማረው እሱ ነው። ከትዕይንቱ ወጣሁና የማንቀሳቀሻውን ሳጥን ከፈትኩ። "በዓይነት" የሚለውን "በየዓመቱ" ወደሚለው ቀየርኩት። ሥራው ይህችው ነበረች። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት እንኳ ያን ያህል ጊዜ አልፈጀም። ከመጀመሪያውም እንዲሁ ማድረግ እችል ነበር።

ከመጀመሪያው ዓመት ጀመርኩ። በእያንዳንዱ ንክኪ የአንድ ዓመት መረብ፣ ዓሣና ውሃ አብረው ወጡ። "ሰማያዊው ውሃው ነው" አልኩ። "እዩት፣ ወረደ። መረቡን እዩት፣ ገና አጭር ነው።" ቀጠልኩ። ውሃው ወረደ፣ ዓሣው ወረደ፣ መረቡ አጭር ነው። "መረቡ የበዛው ዓሣው ከቀነሰ በኋላ ነው። ቀድሞ ያሳየሁት ቀድሞ የሆነው አይደለም። ያንን ተራ የመረጥኩት እኔ ነኝ፤ ሐይቁ አይደለም።"

ሊቀመንበሩ ከወንበራቸው ሆነው "ልጄ" አሉ፤ "ወንድሜ የሞተው የቱ ጋ ነው?" ዓመቱን ነገሩኝ። ተጠግቼ በጣቴ አሳየኋቸው። እዚያ ላይ ሰማያዊው ዝቅ ብሏል፣ ቀዩ ዝቅ ብሏል፣ ዓምዱ ገና ከጎረቤቶቹ እምብዛም አልተለየም። ረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው "እኔ እንግዲህ ተናግሬያለሁ" አሉ። ሽማግሌዎቹም ራሳቸውን ነቀነቁ። ከአፍ የወጣ ቃል ከእጅ የወደቀ እንቁላል ነው፤ በሣርና በምርቃት የተዘጋን ነገር የኔ ማውስ አይከፍተውም። ብዙ ሳይቆይ ሊቀመንበርነቱን ለሌላ ሰጡ። "ማን አስገደደዎት?" ሲባሉ "ማንም" አሉ አሉ።

የሐይቁ ዳር ተዘጋ። መሥሪያ ቤታችን ተመሰገነ፤ ኃላፊያችንም ለሌሎች ቢሮዎች "እንደኛዋ ልጅ ግራፍ አንቀሳቅሱ" ይል ጀመር። ያንን ሲል በሰማሁ ቁጥር ጫማዬን ለማውለቅ ጎንበስ እላለሁ፤ ፊቴ እንዳይታይ።

ከሁሉ የባሰብኝ ግን የወንድማቸው ሚስት ነገር ነበር። ሌላው ሰው ቢያንስ ሁለተኛውን ትዕይንት አይቷል። እሷ የወጣችው ከመጀመሪያው በኋላ ነው፤ ለእሷ መረብ ነበረ፣ ዓሣ ጠፋ፣ ባሏ ሞተ፣ ይህን ሁሉ ያደረገው የባሏ ወንድም ነው። ከሊቀመንበሩ ጋር መነጋገር እንዳቆመች፣ ልጆቿንም ወደ ደጃቸው እንደማትልክ ሰማሁ። ግራፉን በወረቀት አትሜ ይዤላት ልሄድ አሰብኩ። ከዚያ ወረቀት ላይ ሁሉም ነገር ባንድ ጊዜ እንደሚታይ አሰብኩና ደስ አለኝ። ከዚያ ደግሞ ማንበብ እንደማትችል አስታወስኩ።

አንድ ቅዳሜ ባዶ እጄን፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ በሚኒባስ ወደ ሲቀላ ወረድኩ። ዓሣ ተራ ገብቼ ከፊቷ ቆምኩ። የቆሮሶ ቅርፊት እየፋቀች ነበር። አወቀችኝ። ቢላዋዋን አላቆመችም።

ሁሉንም ነገርኳት። ከአዳራሹ ከወጣች በኋላ ምን እንዳሳየሁ፣ ውሃው ቀድሞ እንደሸሸ፣ ሣራሙ ዳር እንደደረቀ፣ መረቡ የበዛው ከዚያ ወዲህ እንደሆነ፣ ባሏ በሞተበት ዓመት የሊቀመንበሩ መረብ ገና ምንም እንዳላደረገ። እያቋረጥኩ፣ እየተመለስኩ፣ እየደገምኩ፤ በጣቴ አየር ላይ መስመር እየሠራሁ። ዓሣ ሊገዙ የመጡ ሰዎች ከኋላዬ ቆመው ይሰሙ ነበር።

ስጨርስ ቢላዋዋን አስቀመጠች።

"ውሃዋ ቀደመች አልሽ?"

"አዎ።"

"ይሄን ያን ቀን ታውቂው ነበር? እሱ ሳይናገር በፊት?"

"አውቀው ነበር።"

እጇን በቀሚሷ ጠረገች። ተቆጥታ አይደለም የጠየቀችኝ፤ ግራ ስለገባት ነው። ከዚያ በላይ ክፉ ነገር የለም።

"ታዲያ እሷን መጀመሪያ ለምን አላሳየሽንም?"

ብዙ መልስ ነበረኝ። ስለ ሥልጠናው፣ ስለ ሐሳቤ መልካምነት፣ ላስደስታቸው ስለ መፈለጌ። ከኋላዬ ያሉት ሰዎች ዝም ብለዋል። ያችው የአዳራሹ ዝምታ ነበረች፤ አሁን ግን የምትጠብቀው እኔን ነው።

"እንዲያምር ብዬ ነው" አልኳት።

አየችኝ። ከዚያ ቢላዋዋን አነሣችና ከትከሻዬ በላይ ወደ ኋላዬ ወዳለው ሰው ተመለከተች። "ላንተ ስንት ልስጥህ?" አለችው።